ጂም ልመዝገብ ወይስ ደጅ ልሩጥ? ጊዜ ለሌለው ጀማሪ

ሐኪም "እንቅስቃሴ አድርግ" ብሎ ያሰናበተው ሰውም፣ ሁለተኛ ፎቅ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው የቢሮ ሠራተኛም፣ ከወሊድ በኋላ ወደ ቀድሞ ጉልበቷ መመለስ የፈለገች እናትም መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነው። ገንዘብ ከፍዬ ጂም ልግባ ወይስ ጠዋት እየተነሳሁ ሶምሶማ ልሩጥ? መልሱ ብዙ ጊዜ "የትኛው ይበልጣል?" በሚል ክርክር ይጀመራል። አንዱ ብረት ማንሳት ይሻላል ይላል፣ ሌላው የሩጫ አገር ልጅ ሆነህ ምን ጂም ያስኬድሃል ይላል።

ጊዜ የሌለው ጀማሪ ግን ሌላ ጥያቄ ማስቀደም አለበት። ከሁለት ወር በኋላም ሳላቋርጥ የምገኘው የቱ ላይ ነው? በመጀመሪያዎቹ ወራት በጂምና በሩጫ መካከል ያለው የጤና ልዩነት፣ በሚሠራና ባቋረጠ ሰው መካከል ካለው ልዩነት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ስለዚህ ስሌቱን ከጡንቻ ሳይሆን ከሰዓት እንጀምር።

ከደጃፍ እስከ ደጃፍ

ሲኤምሲ የምትኖር፣ ሜክሲኮ አካባቢ የምትሠራ የሒሳብ ሠራተኛ እናስብ። ከሥራ 11 ሰዓት ተኩል ትወጣለች። መገናኛ ያለ ጂም ለመመዝገብ አስባለች፣ በመንገዷ ላይ ነውና የሚመች ይመስላል። ከታክሲ ወርዳ ጂሙ እስክትደርስ 15 ደቂቃ ትሄዳለች። ልብስ ለመቀየር 10 ደቂቃ፣ ለእንቅስቃሴው 45 ደቂቃ፣ ለመታጠብና ለመልበስ 15 ደቂቃ ይወስድባታል። ከዚያ መገናኛ ላይ እንደገና ታክሲ ልትሰለፍ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሰልፉ 30 ደቂቃ ቢፈጅ የሚገርም አይደለም። ድምሩ ወደ 2 ሰዓት ይጠጋል። በሳምንት ሦስት ቀን ብትሄድ ከሳምንቷ ላይ 6 ሰዓት ገደማ ይነሳል፤ ሰውነቷ የሠራበት ግን 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ብቻ ነው።

ይህችው ሴት ጠዋት ከቤቷ ደጃፍ ብትነሳስ? ለመልበስ 5 ደቂቃ፣ ለሶምሶማው 30 ደቂቃ፣ ለመታጠብ 15 ደቂቃ፣ በድምሩ 50 ደቂቃ ነው። ሦስት ቀን ብትሠራ 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩሉ እንቅስቃሴ ነው። በሥራ ላይ የሚውል ሰው ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ በሳምንት የሚተርፈውን ሰዓት ያውቀዋል። 2 ሰዓት ተኩል ከእንቅልፍ ቀደም ብሎ በመተኛት ይገኛል። 6 ሰዓት ግን ከልጆች፣ ከለቅሶ፣ ከማኅበርና ከቤት ሥራ ላይ ካልተወሰደ በቀር አይገኝም፤ ስለዚህም የመጀመሪያው የቤተሰብ ጉዳይ ሲመጣ የሚሰረዘው እሱ ይሆናል።

ስሌቱ የሚገለበጥበት ጊዜ አለ። ጂሙ መሥሪያ ቤቷ ያለበት ሕንፃ ሥር ቢሆንና የጥድፊያው ሰዓት እስኪያልፍ እዚያ ብትሠራ፣ የሚወስድባት 70 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ታክሲውም ቀለል ብሎ ይጠብቃታል። ለዚህ ነው ጂም ሲመረጥ ከመሣሪያው ብዛት በፊት ቦታው የሚታየው። ከቤት ወይም ከሥራ በእግር የማይደረስ ጂም ሥራ ለሚበዛበት ሰው አይሆንም።

ክፍያው ያስገድደኛል?

ብዙ ሰው "ገንዘብ ከከፈልኩ እንዳይባክን ብዬ እሄዳለሁ" ብሎ ይመዘገባል። ይህ ግምት ተመርምሯል። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪኬ ማልመንዲር የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በአሜሪካ የሦስት ጂሞችን የአባላት መዝገብ አጥንተው ውጤቱን በ2006 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉ አባላት በአማካይ የሚመጡት በወር 4.3 ጊዜ ብቻ ነበር። ስለዚህ አንዱ ቀን ከ17 ዶላር በላይ ያስወጣቸዋል፤ እዚያው ጂም ግን በ10 ቀን ትኬት ቢገቡ አንዱ ቀን 10 ዶላር ነበር። ሰዎቹ ወርኃዊውን የመረጡት ስንት ቀን እንደሚመጡ ሲገምቱ ራሳቸውን አብዝተው ስላመኑ ነው።

ይህን ወደ ራሳችን ኪስ እናምጣው። ለስሌት እንዲመች አንድ ጂም ለ6 ወር 18 ሺህ ብር ይጠይቃል እንበል። በሳምንት ሦስት ቀን ሳያቋርጥ የሚሄድ ሰው በ6 ወር 78 ቀን ይገኛል፤ አንዱ ቀን 230 ብር ገደማ ይሆንለታል። በሁለተኛው ወር መጨረሻ 20 ቀን ሄዶ ያቋረጠ ሰው ግን ለአንዱ ቀን 900 ብር ከፍሏል። የ6 ወሩ ዋጋ በቅናሽ የሚቀርበውም ብዙ ሰው መሐል ላይ ስለሚቀር ነው። ጀማሪ ቅናሹ ቢያመልጠውም የአንድ ወር ብቻ ይክፈል፤ ቢቻል መጀመሪያ በቀን ሒሳብ ገብቶ ይሞክረው።

ደጁ ምን ይፈልጋል?

ሩጫ ነፃ ነው ቢባልም ጫማ፣ መንገድና ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከመንገዱ እንጀምር። አዲስ አበባ ውስጥ ጎሕ የሚቀደው ዓመቱን ሙሉ ብዙም ሳይለዋወጥ ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ከዚያ ጀምሮ መኪናው እስኪበዛ ያለው ጊዜ ለጀማሪ ምርጥ ነው፤ መንገዱ ይታያል፣ የመኪና ጭሱም ገና አልከበደም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ቀድሞ በድንጋይና በቦይ ምክንያት ለማይሮጥባቸው አካባቢዎች ጥሩ ዕድል ሰጥተዋል። ጃንሜዳ፣ የመስቀል አደባባይ ደረጃዎችና እንጦጦ ፓርክ የታወቁ ናቸው፤ ነገር ግን ታክሲ ይዞ እስከ እንጦጦ የሚሄድ ጀማሪ የጂሙን የጉዞ ችግር መልሶ አመጣው ማለት ነው። እንጦጦ ለቅዳሜ ይቆይ። በሥራ ቀን ከቤት በር የሚጀምር፣ 15 ደቂቃ ሄዶ 15 ደቂቃ የሚመለስ መንገድ ይመረጥ።

ውሻ ካለ ሩጫውን ማቆም ነው፤ የሚሮጥ ነገር ያባረራል። ፊት ለፊት ሳያፈጥጡ በእርጋታ እየተራመዱ ማለፍ ይሻላል። ከነከሰ ግን ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለውም፤ ክትባቱ የሚሠራው ቀድሞ ሲሰጥ ነው።

ጫማን በተመለከተ፣ ሰው ሲሮጥ በእያንዳንዱ እርምጃ እግሩ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሰውነቱ ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ውድ ጫማ አያስፈልግም፣ ነገር ግን የሞተ ሶል ያለው ጫማ መወገድ አለበት። ሰልባጅ የሚገዛ ሰው ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከኋላ ይየው። ተረከዙ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ካዘነበለ የቀድሞ ባለቤቱ አረጋገጥ ይዞታል ማለት ነው። የሶሉን ስፖንጅ በአውራ ጣት ሲጫኑት የማይመለስ ከሆነ ወይም ጎኑ ላይ ጥልቅ ሽብሽብ ካለው አልቋል። ጫማ የሚለካው ከሰዓት በኋላ፣ እግር ትንሽ ሲያብጥ ነው፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ክፍተት መቅረት አለበት።

ሦስተኛው ትዕግሥት ነው፤ ጀማሪ በብዛት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በዚህ አየር ጀማሪ የፈጣን ሯጭን እርምጃ ልያዝ ሲል በሁለተኛው ደቂቃ ጉሮሮው ይቃጠልና "ሩጫ ለእኔ አልተፈጠረም" ብሎ ይመለሳል። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ትክክለኛውን ፍጥነት ለማወቅ ሰዓትም ስልክም አያስፈልግም። ከጎን ላለ ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከተቻለ ልክ ነው፤ ቃል እየተቆራረጠ ከወጣ በዝቷል። ይህ ለብዙ ጀማሪ ከፈጣን የእግር ጉዞ ብዙም የማይለይ ዱብ ዱብ ነው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። በሱሉልታና በሰንዳፋ ሜዳዎች የሚሠለጥኑት ታላላቅ ሯጮቻችንም በቀላል ቀናቸው በጣም ዝግ ብለው ነው የሚሮጡት።

ስምንቱ ሳምንታት

ለሒሳብ ሠራተኛዋ ማክሰኞን፣ ሐሙስንና ቅዳሜን እንምረጥላት፤ በየመካከሉ ቢያንስ አንድ ዕረፍት አለ። ሁልጊዜም 5 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይቀድማል፣ 5 ደቂቃ ዝግ ያለ ጉዞ ይከተላል። መሐሉ እንዲህ ያድጋል።

በ1ኛውና በ2ኛው ሳምንት 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ የእግር ጉዞ ሰባት ጊዜ።
በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት 2 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ ጉዞ አምስት ጊዜ።
በ5ኛውና በ6ኛው ሳምንት 4 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ ጉዞ አራት ጊዜ።
በ7ኛው ሳምንት 10 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ ጉዞ ሁለት ጊዜ።
በ8ኛው ሳምንት ሳያቋርጡ 20 ደቂቃ።

አንድ ሳምንት ከከበደ ሳምንቱ ይደገማል፤ በ8 ፈንታ በ11 ሳምንት መጨረስ ምንም አያጎድልም። ከ40 ዓመት በላይ ሆኖ ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ሲራመድ ደረቱን የሚያስጨንቀው ሰው ግን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

በዚህ ዕቅድ ውስጥ አደገኛው ጊዜ 1ኛው ሳምንት ሳይሆን 3ኛውና 4ኛው ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻሻላሉ፤ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ በ4ኛው ሳምንት ትንፋሹ የቀለለው ሰው "ችያለሁ" ብሎ በየቀኑ መሮጥ ይጀምራል፣ ቅልጥሙም ያምመዋል። ተራ ድካምን ከጉዳት መለየት አስቸጋሪ አይደለም። በሁለቱም እግር ባትና ጭን ላይ ተሰራጭቶ የሚሰማ፣ ሲያሟሙቁት የሚላላና በሁለት ቀን የሚጠፋ ሕመም የጡንቻ ድካም ነው፤ ዕረፍት ይበቃዋል። በአንድ እግር፣ በጣት ጫፍ ሊጠቆም በሚችል አንድ የአጥንት ቦታ ላይ የሚሰማ፣ በሮጡ ቁጥር የሚብስ፣ ሌሊት ተኝተው እንኳ የሚጠዘጥዝ ሕመም ግን የአጥንት ስንጥቅ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ሩጫ ይቆማል፣ ሐኪም ይታያል። እየታገሡ ማለፍ የሁለት ሳምንት ዕረፍትን የብዙ ወር ያደርገዋል።

ሩጫ የማይሰጠው

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። የሦስት ቀን ሶምሶማ ወደዚህ ያደርሳል። መመሪያው ግን ብዙ ሰው የሚዘለው ሁለተኛ ነገር አለው፤ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያጠነክር ሥራ። ሩጫ እግርን ያሠራል እንጂ ትከሻን፣ ጀርባንና ክንድን እምብዛም አይነካም። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ጎንበስ ብሎ የሚውል ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚደክምበት ጀርባው ነው።

ይህን ክፍተት ለጊዜው ቤት ውስጥ በ15 ደቂቃ መሙላት ይቻላል። ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ 10 ጊዜ፣ ከዚያ እጅን ግድግዳ ወይም ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ፑሽ አፕ 10 ጊዜ፣ ከዚያ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ ዳሌን ማንሳት 12 ጊዜ፣ በመጨረሻም ጎንበስ ብሎ ውኃ የተሞላ ጄሪካን በየክንዱ ወደ ጎን እየሳቡ ማንሳት 10 ጊዜ። ይህን በሳምንት ሁለት ቀን ሦስት ዙር መሥራት ለመነሻ በቂ ነው። የጄሪካኑ ውኃ እንደ ጉልበት ይጨመራል፤ 5 ሊትር 5 ኪሎ ነው።

ከጥቂት ወር በኋላ ግን ቤት ያለው አይበቃም። እግር ከጄሪካን በላይ ሸክም ይፈልጋል፣ ጡንቻ የሚያድገውም ሸክሙ ቀስ በቀስ ሲጨምር ነው። ጂም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ክብደቱን በ2 ኪሎ ተኩል በ2 ኪሎ ተኩል እየጨመሩ መሥራት የሚቻለው እዚያ ነው። ጂም ገብቶ ሙሉውን ሰዓት ትሬድሚል ላይ የሚያሳልፍ ሰው ደጅ በነፃ የሚያገኘውን ነው የገዛው።

ጂም መቅደም ያለበት ለማን ነው?

ከደጅ ይልቅ ጂምን ማስቀደም ያለባቸው ሰዎች አሉ። ክብደቱ በጣም የጨመረ ወይም ጉልበቱን የሚያምመው ሰው በቋሚ ብስክሌት ቢጀምር መገጣጠሚያው አይጎዳም። በስኳር ሕመም ምክንያት እግሩ የደነዘዘ ሰው ቁስሉን ሳያውቀው ሊሮጥ ስለሚችል ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ብስክሌቱን ቢመርጥ ይሻለዋል። መብራት በሌለው ሰፈር የምትኖርና በጨለማ ካልሆነ ጊዜ የሌላት ሴት፣ መንገድ ላይ የሚደርስባት ለከፋና ስጋት በየቀኑ የሚያስጨንቃት ከሆነ፣ ለጂም የምትከፍለው ገንዘብ ለደኅንነቷ ነው፤ ተገቢ ወጪ ነው። የሌሊት ተረኛ ሠራተኛም እንዲሁ።

እነዚህ ሰዎች ከመክፈላቸው በፊት ጂሙን ሊጠቀሙበት ባሰቡት ሰዓት ገብተው ይዩት። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ባዶ ሆኖ የተጎበኘው ጂም ማታ 12 ሰዓት ላይ ሰልፍ ሊኖረው ይችላል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ መሣሪያዎቹን ያስነሳል ወይስ አምፖል ብቻ? ሻወሩ ውኃ አለው? ለሴቶች የተለየ ክፍል ወይም ሰዓት አለ? ሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ቢልክ ወሩ ይራዘማል? አሰልጣኙንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። ስለ ጤናና ስለ አሮጌ ጉዳት ሳይጠይቅ ብረት የሚያስነሳ አሰልጣኝ ቢቀር ይሻላል። ደህናው አሰልጣኝ በመጀመሪያው ቀን 10 ወይም 12 ጊዜ አንስተህ ሌላ ሁለት ሦስት ጊዜ የምትችልበትን ክብደት ነው የሚሰጥህ። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቃተው ጀማሪ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ቀን አይመጣም።

በስምንተኛው ሳምንት መጨረሻ

ጤናው የሚፈቅድና ሰፈሩ የሚመች ሰው እንግዲህ ደጅ ጀምሮ 8 ሳምንት ይሥራና ይቁጠር። በሳምንት ሦስት ቀን ሲሆን 24 ቀን ነው። ከ24ቱ 18 እና ከዚያ በላይ የወጣ ሰው ጊዜ እንዳለው ራሱ አረጋግጧል። ሦስቱን የሩጫ ቀን ወደ ሁለት ዝቅ አድርጎ ለሁለት ቀን ብረት የአንድ ወር ጂም ቢከፍል ገንዘቡ አይባክንም።

ከ18 በታች የሆነ ሰው ደግሞ የቀሩትን ቀናት አንድ በአንድ አስታውሶ ምክንያታቸውን ይጻፍ። ምክንያቱ ጭቃ፣ ዝናብ፣ ጨለማ፣ ውሻ ወይም ለከፋ ከሆነ ጂም ችግሩን ይፈታል፤ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የተጀመረ ከሆነ ምክንያቱ የአየሩ ነው። ምክንያቱ ግን አምሽቶ መተኛት፣ የሥራ ትርፍ ሰዓት፣ የልጅ ሕመም ወይም እንግዳ ከሆነ ጂም አይፈታውም፤ እንዲያውም የመንገዱን ሰዓት ይጨምርበታል። ይህ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሦስቱን ቀን ወደ ሁለት፣ 30 ደቂቃውን ወደ 20 ቀንሶ ሌላ 4 ሳምንት ይሞክር። በሳምንት ሁለት ቀን የያዘ ሰው ሦስተኛውን መጨመር ይችላል፤ በሳምንት አራት ቀን አቅዶ አንዱንም ያልያዘ ሰው ግን የሚጨምርበት መነሻ የለውም።